የቆመው አሳንሰርና የኛ ስሌት

ባለፈው የመስቀል በዓል እንደ ልማዳችን ወደየአገራችን ስንገባ፣ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ወደ ወልቂጤ፣ አንዳንዶቹ ወደ ቡታጅራ ሄድን። በሁለቱም ከተሞች ያየነው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ሕንፃዎች ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ላይ እየረዘሙ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን የሚነሣው ቡታጅራ ካየነው ከአንድ አዲስ ሕንፃ ነው። የማን እንደ ሆነ አንናገርም። ከምድር ቤቱ በላይ አምስት ፎቅ አለው፤ ምድሩ ሱቅ፣ ሦስተኛው ፎቅ ክሊኒክ፣ የመጨረሻው ክትፎ ቤት ነው። አሳንሰርም አለው። ነገር ግን በአሳንሰሩ በር ላይ «አይሠራም» የሚል የካርቶን ቁራጭ ተለጥፏል፤ ካርቶኑ ራሱ ከማርጀቱ የተነሣ ጽሑፉ ሊጠፋ ደርሷል።

እዚያ በቆምንበት ሰዓት ሁለት ጎረምሶች አንዲት እናት በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው ወደ ክሊኒኩ ሲያወጧቸው አየን። እናትየዋ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ቀስ፣ ልጆቼ፣ ቀስ» ይላሉ። በሁለተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ ጎረምሶቹ ደክሟቸው ወንበሩን አሳረፉ። ከእኛም ሁለታችን ገብተን የቀረውን አብረን ተሸከምን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ አመቺ መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ እንደ ነበር ብዙዎቻችን እናውቃለን። ይህ ሕንፃ ግን አሳንሰሩን ገዝቶ ካቆመ በኋላ ሰው በወንበር ያወጣል።

ባለቤቱን አግኝተን «ጋሼ፣ ለምን ቆመ?» አልናቸው። ሰውየው አልተቆጡም። «መብራት ሲጠፋ ሰው መሐል ላይ ቀረብኝ፤ ስለዚህ ያለ ጀነሬተር አላስነሣውም አልሁ። ስንት እንደሚያስፈልገው የተማረ ሰው ባስጠይቅ አርባ ኪሎ ቮልት አምፔር ነው አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ተውሁት» አሉን። የተማረው ሰው የጻፈላቸውን ወረቀትም ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩን። በባለመስመር ደብተር ቅጠል ላይ በንጹሕ እጅ የተጻፈ ስሌት ነው፤ የጻፈውም ከእኛው መካከል የተመረቀ የምሕንድስና ሰው ነው። እኛም ወረቀቱን ስናነብ የሆነ ነገር ትዝ አለን፤ በፈተና ላይ ብንጠየቅ እኛም እንዲሁ ነበር የምንጽፈው።

እንግዲህ የዛሬው ክርክራችን ከባለቤቱ ጋር ሳይሆን ከራሳችን ጋር ነው። በክፍል የተማርነው የአሳንሰር ስሌት ግማሽ ስሌት ነው፤ ያንን ግማሽ ይዘን ወደ ከተሞቻችን ስንወርድ ሰው ገንዘቡን ያባክናል፣ ወይም እንደዚህ ሰውዬ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

ወረቀቱ የሚለውን እንመልከት። አሳንሰሩ ስምንት ሰው ወይም 630 ኪሎ ይጭናል ተብሎ በካቢኑ ውስጥ ተጽፏል። ባዶ ካቢኑ ራሱ ከነበሩና ከነማቀፊያው 700 ኪሎ ይመዝናል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ሜትር ነው። ወንድማችን ሁለቱን ደምሮ 1,330 ኪሎ አገኘ፤ ከዚያም ሁላችንም በቃል የምናውቀውን ቀመር አኖረ፦

P = mgv = 1330 × 9.8 × 1 = 13,034 ዋት

(በዚህ ጽሑፍ «ጉልበት» ስንል በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ማለታችን ነው፤ ሰው ሁሉ «የፈረስ ጉልበት» የሚለውን ማለት ነው እንጂ የመጎተቻውን ኃይል ብቻ አይደለም።) ከዚያ በኋላ በሰበቃና በሞተሩ ውስጥ የሚጠፋውን አስቦ ለ0.8 አካፈለው፤ 16.3 ኪሎ ዋት ሆነ። ጀነሬተር እንዳይጨናነቅ ለጥንቃቄ በሁለት አባዛው። በመጨረሻም ወደ ኪሎ ቮልት አምፔር ለመለወጥ እንደገና ለ0.8 ሲያካፍለው 40 ከምናምን ወጣ። በሒሳቡ ውስጥ አንድም የማባዛት ስሕተት የለበትም። አስተማሪ ቢያርመው ሙሉ ማርክ ይሰጠዋል።

ነገር ግን በዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከካቢኑ ኋላ በጉድጓዱ ውስጥ፣ ወረቀቱ ያልቆጠረው ሌላ ነገር ተንጠልጥሏል። የብረት ገመዱ ከካቢኑ ጣሪያ ተነሥቶ፣ ከላይ ሞተሩ በሚያዞረው ባለቦይ ጎማ ላይ አልፎ፣ በሌላው በኩል ሲወርድ ባዶውን አይወርድም፤ ጫፉ ላይ በብረት ማቀፊያ የተደረደሩ ከባድ ጡቦች ታስረዋል። ባለሙያዎቹ ካውንተርዌይት ይሉታል፤ እኛ ማመዛዘኛ እንበለው። ካቢኑ ሲወጣ ማመዛዘኛው ይወርዳል፣ ካቢኑ ሲወርድ እርሱ ይወጣል። ክብደቱም በዘፈቀደ የተወሰነ አይደለም፤ የባዶውን ካቢን ክብደትና የሙሉ ጭነቱን ግማሽ ያህል ይሆናል። በዚህ አሳንሰር 700 እና 315 ሲደመር 1,015 ኪሎ ነው ማለት ነው።

ሞተሩ እንግዲህ የሚያነሣው ካቢኑን አይደለም፤ በሁለቱ ጎን መካከል ያለውን ልዩነት ነው እንጂ። ስምንት ሰው ሞልቶ ሲወጣ በካቢኑ በኩል 1,330፣ በማመዛዘኛው በኩል 1,015 ኪሎ አለ። ልዩነቱ 315 ኪሎ ነው። ጉልበቱ 315 × 9.8 × 1 = 3,087 ዋት ይሆናል፤ በ0.8 ሲካፈል 3.9 ኪሎ ዋት ገደማ። በድሮው መስፈሪያ፣ አንድ የፈረስ ጉልበት 75 ኪሎ ክብደት በሴኮንድ 1 ሜትር ማንሣት ነውና፣ የወንድማችን ሞተር ሃያ ሁለት ፈረስ ሲፈልግ እውነተኛው ሞተር ከአምስት ፈረስ ጥቂት ብቻ ያልፋል። ወረቀቱን ትተን በሕንፃው ጣሪያ ላይ ወጥተን የሞተሩን ታርጋ ስናነብ የተጻፈው 5.5 ኪሎ ዋት ነበር። ጀነሬተር ሊያስገዛ የተነሣው ሰው ይህን ታርጋ አንድ ጊዜ ቢያነብ ኖሮ፣ በአሥራ ስድስት ኪሎ ዋትና በአምስት ተኩል መካከል ያለውን ገደል አይቶ «ምን አጎደልሁ?» ብሎ ራሱን በጠየቀ ነበር።

ለመሆኑ ማመዛዘኛው ይህን ሁሉ ጉልበት ከየት አመጣው? ይህን ጥያቄ በቸልታ ማለፍ አይገባም፤ ምክንያቱም ከባዶ ነገር ጉልበት የሚፈጥር ድንጋይ የለም። ነገሩን በውኃ ጉድጓድ እንየው። ሃያ ሊትር ጀሪካን በገመድ የሚስብ ሰው አለ እንበል፤ ገመዱ በአፉ ላይ ባለ ጎማ ያልፋል። ጀሪካኑን ሞልቶ ሲያወጣ 20 ኪሎ ይስባል፤ ባዶውን መልሶ ሲለቀው ምንም አይደክምም (የጀሪካኑን የራሱን ክብደት እንርሳው)። አሁን በገመዱ ሌላ ጫፍ የ10 ኪሎ ድንጋይ ያስር። ሞልቶ ሲያወጣ ድንጋዩ እየወረደ ስለሚያግዘው የሚስበው 10 ኪሎ ብቻ ነው። ግን ባዶውን ሊያወርድ ሲል ድንጋዩ መውጣት አለበትና፣ ያንን 10 ኪሎ ራሱ መሳብ ግድ ይሆንበታል። ጠቅላላ ሥራው ያው ነው፤ ቀድሞ በአንድ ጊዜ ይከፍለው የነበረውን አሁን በሁለት ጊዜ ከፈለው እንጂ። ትርፉ ግን ከባድ ነው፦ በአንድ ጊዜ 20 ኪሎ መሳብ የሚችል ጎልማሳ አያስፈልግም፤ 10 ኪሎ የሚስብ ልጅ ይበቃል።

በአሳንሰሩ ውስጥ እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድነት ይሠራሉ። ባዶው ካቢን፣ ማለትም 700 ኪሎው፣ ሲወጣም ሲወርድም ያው ነው፤ ስለዚህ በ700 ኪሎ ማመዛዘኛ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ሞተሩ የካቢኑን ክብደት ከናካቴው አይሰማውም። የሰዎቹ ክብደት ግን ዛሬ ስምንት፣ ነገ አንድ ይሆናል፤ ስለዚህ ሊጠፋ አይችልም፤ እንደ ጀሪካኑ ለሁለት ይከፈላል እንጂ። ሰው ሞልቶ ሲወጣ ሞተሩ 315 ኪሎ ያነሣል። ባዶውን ሲወርድም ማመዛዘኛውን ማውጣት አለበትና ያው 315 ኪሎ ነው። አራት ሰው ሲጫን ሁለቱ ጎኖች እኩል ይሆናሉ፤ ሞተሩም ሰበቃውን ብቻ ያሸንፋል። ብዙ ሰው «ባዶ አሳንሰር ወደ ታች መውረድ ቀላል ነው» ይላል፤ እኛም እንዲሁ እንል ነበር። እንዲያውም ለሞተሩ ከሁሉ ከሚከብዱት ሁለት ጉዞዎች አንዱ ያ ነው።

«ማመዛዘኛው ለምን የሙሉ ጭነቱን ያህል አይሆንም?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ራሱ ይቁጠረው። 1,330 ኪሎ ብናደርገው ስምንት ሰው ሲወጣ ሞተሩ ምንም አያነሣም፤ ባዶው ሲወርድ ግን 630 ኪሎ ያነሣል። እንደ ገና ትልቅ ሞተር ሊያስፈልገን ነው። ግማሹ ላይ ስናቆመው ብቻ ሁለቱ ክፉ ጉዞዎች እኩል ይሆናሉ። አንዳንድ ሠሪዎች ከግማሹ ዝቅ አድርገው ከመቶ 40 ላይ ያቆሙታል፤ አሳንሰር አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሰው ስለሚጓዝ ቀላሎቹ ጉዞዎች ይበልጥ እንዲቀሉ ብለው ነው። ያን ጊዜ ሙሉ ሆኖ ሲወጣ 378፣ ባዶ ሆኖ ሲወርድ 252 ኪሎ ይሆናል። ለአዘቦት ቀን ይህ ያዋጣል። በመስቀል ሳምንት፣ የአዲስ አበባው ዘመድ ሁሉ ገብቶ ወደ ክትፎ ቤቱ ስምንት ስምንት ሆኖ ሲወጣ ግን ሞተሩ ይከብደዋል።

ማመዛዘኛው የማይረዳበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱንም ካልተናገርን እኛም ሌላ ግማሽ ስሌት ጻፍን ማለት ነው። ክብደትን ያመዛዝናል እንጂ መነሻውን አያቀልም። አሳንሰሩ ከቆመበት ተነሥቶ ፍጥነቱ ላይ እስኪደርስ ድረስ፣ ካቢኑም ሰዎቹም ማመዛዘኛውም አብረው መፍጠን አለባቸው፤ በድምሩ 2,345 ኪሎ ነው። በየሴኮንዱ 0.6 ሜትር በሴኮንድ እየጨመረ ቢነሣ፣ ለዚህ ብቻ 1,407 ኒውተን ያስፈልጋል። በ315 ኪሎው ልዩነት ላይ ሲደመር 4,494 ኒውተን ይሆናል። ሙሉ ፍጥነቱን ሊይዝ ሲል፣ ይኸውም ጉልበቱ ከሁሉ ጊዜ በሚበልጥበት ቅጽበት፣ ሞተሩ 5.6 ኪሎ ዋት ይስባል። በጉዞው መካከል ግን ወደ 3.9 ይመለሳል። ታርጋው ላይ 4 ሳይሆን 5.5 የተጻፈበት አንዱ ምክንያት ይኸው መነሻ ነው፤ ሞተር ለጥቂት ሴኮንድ ከታርጋው ትንሽ ቢያልፍ አይጎዳም።

ስለዚህ የወንድማችንን ወረቀት በራሱ ጥንቃቄ እናርመው። 5.6 ኪሎ ዋት በሁለት ተባዝቶ ለ0.8 ሲካፈል 14 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው። እርሱ ያልቆጠረውን አንድ ነገር ደግሞ እንጨምርበት፦ ቡታጅራ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ወልቂጤም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየሩ ስለሚሳሳ የናፍጣ ሞተር ታርጋው ላይ የተጻፈውን ሙሉ ጉልበት እዚህ አይሰጥም፤ ከመቶ አሥር ያህል ይቀንሳል ብለን ብንይዝ 15.6 ይሆናል። በእርግጥ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የአሳንሰሩ ሠሪ ሰነድ ነው። ነገር ግን በ40 እና በ16 መካከል ያለው ልዩነት የሰነድ ጉዳይ አይደለም፤ ማመዛዘኛውን የመቁጠርና ያለመቁጠር ጉዳይ ነው።

ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንሰውስ? የፎቆቹ ከፍታ በድምሩ 16 ሜትር ነው። በሴኮንድ 1 ሜትር ሲሆን ጉዞው 16 ሴኮንድ፣ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ሲሆን 32 ሴኮንድ ይፈጃል። ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ጊዜው እጥፍ ይሆናል፣ የሚቆጥረው ኤሌክትሪክ ግን ያው ነው ማለት ይቻላል። ክሊኒክ ለሚሄድ ታማሚ አሥራ ስድስት ሴኮንድ ምን ያህል ነው? ባለቤቶች «ፈጣን ይሁንልኝ» ሲሉ የሚገዙት ትልቅ ሞተርና ትልቅ ጀነሬተር መሆኑን የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ መልካም ነበር።

ይህን ሁሉ በደብተር ጽፈን ለጋሼ ልንሰጣቸው በተነሣንበት ሰዓት፣ ከመካከላችን አንዱ የካቢኑን ወለል በእግሩ መታ መታ አደረገና «ይኼ ነገር ፋብሪካው ያመጣው አይመስለኝም» አለ። ልክ ነበር። ወለሉ ግራናይት ነው፤ በግድግዳውም ላይ ትልቅ መስተዋት ተለጥፏል። ባለቤቱን ብንጠይቃቸው ደስ እያላቸው «አሳምሬው ነው» አሉ። አሳንሰሩ ከተገጠመ በኋላ፣ ለምርቃቱ ብለው ያስነጠፉት ነው።

ወለሉ 1.1 በ1.4 ሜትር ነው፤ ድንጋዩ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ግራናይት በኩብ ሜትር 2,700 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ወለሉ ብቻ 83 ኪሎ ይሆናል። መስተዋቱን 27 ኪሎ ብንለው ካቢኑ 110 ኪሎ ከብዷል፤ 810 ሆኗል ማለት ነው። ማመዛዘኛውን ግን ማንም አልነካውም፤ እዚያው 1,015 ላይ ነው። ሙሉ ሆኖ ሲወጣ ልዩነቱ 315 መሆኑ ቀርቶ 425 ሆነ፤ የጉዞው ጉልበት ከ3.9 ወደ 5.2 ኪሎ ዋት፣ የመነሻው ደግሞ ከ5.6 ወደ 7 ኪሎ ዋት ወጣ። ሞተሩ 5.5 ነው! ድንጋዩን ያነጠፈው ሰው ውበት እንጂ ክብደት የጨመረ አይመስለውም ነበር።

በእርግጥም ምልክቶቹ ሁሉ ነበሩ፤ ያነበባቸው ሰው አልነበረም እንጂ። የጥበቃው አባባ እንደ ነገሩን አሳንሰሩ ከመቆሙ በፊት ሰው ሲሞላበት ወደ ላይ ሲነሣ ቀጥ ይል ነበር፤ ሲወርድ ግን አንድም ቀን አላስቸገረም። ሙሉውን ሲያወጣ የሚያቃስት፣ ባዶውን ሲያወርድ የሚቀለው አሳንሰር ማመዛዘኛው ቀልሎበታል፣ ወይም ካቢኑ ከብዶበታል። ማመዛዘኛው ከመጠን በላይ ከከበደ ነገሩ ተገልብጦ ባዶውን ሲያወርድ ይቸገራል። አባባ ሌላም ነገር አሉን፤ ስድስት ሰው ሲገባ «ሞልቷል» የሚለው ደወል ይጮኽ ነበር። ይህም ከዚያው ድንጋይ የመጣ ነው፤ ከወለሉ በታች ያለው የክብደት መለኪያ ግራናይቱን እንደ ሰው ቆጥሮታል። ጫኙና አውራጁ በማይኖሩበት ጊዜም ቢሆን አንድ ሰው ከነሻንጣው ሁልጊዜ በካቢኑ ውስጥ ቆሟል ማለት ነው።

ይህን በወሬ ሳይሆን በመለኪያ ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ዕቃ በየሕንፃው ግቢ አለ፤ ሲሚንቶና አምፔር መለኪያ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ግማሽ ኩንታል ነውና ስድስት ከረጢት 300 ኪሎ ይሆናል፤ የሙሉ ጭነቱ ግማሽ ለመሆን 15 ኪሎ ብቻ ይጎድለዋል። ከረጢቶቹ በካቢኑ ውስጥ ተደርድረው ካቢኑ ወደ ላይ ሲሄድና ወደ ታች ሲመጣ፣ በሕንፃው አጋማሽ ላይ ከማመዛዘኛው ጋር ጎን ለጎን በሚተላለፍበት ቦታ የሞተሩ አምፔር ይነበባል። በመካከል የሚነበበው የገመዱ የራሱ ክብደት በሁለቱም ጎን እኩል ስለሚሆን ነው። የወጣውና የወረደው ንባብ ተቀራራቢ ከሆነ ማመዛዘኛው በቦታው ነው። የመውጫው ከበለጠ ቀሏል፤ የመውረጃው ከበለጠ ከብዷል። ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ኢንቨርተር ካለው አምፔሩን ከኢንቨርተሩ በኋላ፣ በሞተሩ ሽቦ ላይ ማንበብ ይሻላል፤ አለበለዚያ ንባቡ ያሳስታል። ይህንንም የአሳንሰር ባለሙያ ባለበት እንጂ ለብቻ የሚሠራው ነገር አይደለም፤ ጉድጓዱ ቀልድ አያውቅም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ግራናይቱን አንሥቶ ቀላል ወለል ማንጠፍ ነው። ሁለተኛው በማመዛዘኛው ማቀፊያ ላይ 110 ኪሎ ጡብ መጨመርና የክብደት መለኪያውን እንደገና ከዜሮ ማስጀመር ነው። ሁለተኛው ለባለቤቱ ይጥማቸዋል፤ ድንጋያቸው ይተርፋልና። ነገር ግን በሁለቱም ጎን ሲጨመር ገመዱና ፍሬኑ፣ ከሁሉም በላይ ገመድ ሲበጠስ ካቢኑን ከሐዲዱ ጋር አጣብቆ የሚይዘው መያዣ፣ የሚሸከሙት ድምር ይጨምራል። እነዚህ የተሠሩት ለተወሰነ ክብደት ነው፤ ሠሪው ሳይፈቅድ ጡብ መጫን ሞተሩን አድኖ መያዣውን ማሳጣት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኛ ለጋሼ የመከርነው የመጀመሪያውን ነው። መስተዋቱ ይቅር፣ ግራናይቱ ይነሣ አልን። ትንሽ አዘኑ።

ሰው መሐል ላይ የቀረበትንም ነገር አነሣንላቸው፤ የሁሉ ነገር መነሻ እርሱ ነበርና። መብራት ሲጠፋ ካቢኑን ወደ ቅርቡ ፎቅ አድርሶ በሩን የሚከፍት ባለባትሪ መሣሪያ አለ። ባትሪው ያን ያህል ትንሽ ሆኖ ይህን እንዴት ይችላል? ምክንያቱም መሣሪያው ወደ ቀለለው አቅጣጫ ነው የሚሄደው። በካቢኑ ውስጥ ሁለት ሰው ካለ ማመዛዘኛው ይበልጣልና ካቢኑ ወደ ላይ መሄድ ይፈልጋል፤ ስምንት ካሉ ወደ ታች። ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ለቅቆ፣ ፍጥነቱን እየያዘ፣ ሥራውን ለክብደቱ ልዩነት መተው ብቻ ነው። ብዙ ሰው «መብራት ሲጠፋ እንወድቃለን» ብሎ ይሰጋል፤ ፍሬኑ መብራት ሲጠፋ በራሱ ይይዛል፤ ቢለቀቅ እንኳ ሁለት ሰው የያዘ ካቢን የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ይኼ መሣሪያ የእኔ ላይ አለ?» አሉ። ሄደን አየን፤ ቦታው ነበር፤ ባትሪዎቹ ግን ሞተዋል። ከተገጠሙ ጀምሮ ማንም አልለወጣቸውም።

ይህ ማለት የጀነሬተሩ ነገር ራሱ ሊዘገይ ይችላል ማለት ነው። ባትሪው ከተለወጠና ግራናይቱ ከተነሣ፣ አሳንሰሩ መብራት ባለ ጊዜ ሁሉ ይሠራል፤ ሲጠፋ ሰውን ወደ ፎቅ አድርሶ ይቆማል። ጀነሬተሩ ክሊኒኩ ያለማቋረጥ እንዲሠራ ሲፈለግ የሚመጣ ነው፤ ሲመጣም 40 አይደለም።

ስለ ክፍላችን አንድ ነገር ብለን እናብቃ። የፈተና ወረቀታችን ላይ «ክብደቱ ይህን ያህል የሆነ አሳንሰር በዚህ ፍጥነት ሲወጣ የሞተሩ ጉልበት ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፤ ማመዛዘኛ ግን አይጠቀስበትም። ጥያቄው የተሳሳተ አይደለም፤ ለሕንፃ ሥራ ጭነት ለሚያወጣ ተራ መጎተቻ ልክ ነው። ለአሳንሰር ግን ልክ አይደለም፤ «አሳንሰር» የሚለውን ቃል ከጥያቄው ቢያወጡት ወይም ማመዛዘኛውን ቢያስገቡት፣ ቀጥሎ የሚመረቀው ወንድማችን ለአንድ ባለሕንፃ የሚጽፈው ወረቀት ሌላ ይሆናል። በዚህ ጉዳይ የሚቃወመን ካለ በሚቀጥለው ዕትም ስሌቱን ይዞ ይምጣ።

ለጋሼ የጻፍነውን ወረቀት ከእነ ቁጥሩ ትተንላቸው መጥተናል። ለጥምቀት ስንመለስ መጀመሪያ የምናየው የዚያን ካርቶን ቦታ ነው።